በፎቶ ላይ ባለ ማስመሪያ የካርቶንን ይዘትና የሚከፈልበትን ክብደት ስለ መገመት

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ሞጣ ያሉት አክስቴ ውጭ አገር ላለች ደንበኛዬ አንድ ትልቅ መሶብ ሠርተው በካርቶን ካሸጉ በኋላ ፎቶውን በቴሌግራም ላኩልኝ። መለኪያ እንዲሆነኝ ባለ 30 ሴንቲ ሜትር የተማሪ ማስመሪያ ከካርቶኑ ፊት ለፊት መሬት ላይ አስቀምጠዋል። በዚያ ስለካው ወርዱ 44፣ ቁመቱ 54 ሴንቲ ሜትር ሆነልኝ፤ መሠረቱ በአራቱም ጎን እኩል ነው ብለውኛል። በሚዛን 6 ኪሎ ነው። ደንበኛዬ ዛሬውኑ ዋጋ ንገሪኝ ትላለች፤ በስንት ኪሎ ላስላላት?»

ምላሽ፦ በአውሮፕላን ካርጎ የሚሄድ ከሆነ በ28.5 ኪሎ አስልተው ይንገሯት። የእኔ ግምት 27 ኪሎ ነው፤ የቀረውን 1.5 ኪሎ የጨመርኩት ፎቶው ሊያሳስተን ለሚችልበት ልክ ነው። በፈጣን መልእክት አጓጓዥ የሚሄድ ከሆነ ግን ያው ካርቶን 32.5 ኪሎ ገደማ ይቆጠራል፤ እዚያም ለጥንቃቄ 34.5 ይያዙ። በእርስዎ ልኬት ብንሄድ ኖሮ 17.5 ኪሎ ብቻ ይወጣ ነበር። ይህን ያህል ልዩነት ያመጣው የሒሳብ ስሕተት አይደለም፤ ማስመሪያዋ የተቀመጠችበት ቦታ ነው። ፎቶውን አስፍቼ ስለ ለካሁት እንዴት እዚህ ቁጥር ላይ እንደ ደረስኩ በዝርዝር ላስረዳ።

በመጀመሪያ፣ ስድስት ኪሎ የሚመዝን ዕቃ ለምን በሃያ ሰባት ኪሎ ይከፈልበታል የሚለውን ማንሣት ይኖርብኛል፤ ደንበኛዎም ይህንኑ መጠየቋ አይቀርምና። የአውሮፕላን ሆድ ብዙውን ጊዜ ክብደቱ ከመሙላቱ በፊት ቦታው ይሞላል። ስለዚህ አጓጓዡ የዕቃውን ትክክለኛ ክብደትና በያዘው ቦታ ልክ የተሰላለትን ክብደት ያነጻጽርና በሚበልጠው ያስከፍላል። በቦታው ልክ የሚሰላው፣ የካርጎ ሠራተኞች በአጭሩ «ቮልዩም» የሚሉት ክብደት የሚገኘው የካርቶኑን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲ ሜትር አባዝቶ ለአንድ የተወሰነ አካፋይ በማካፈል ነው። በዓለም አቀፉ የአየር ካርጎ አሠራር አካፋዩ 6000 ሲሆን እንደ ዲ ኤች ኤል ባሉት ፈጣን አጓጓዦች ዘንድ ደግሞ 5000 ነው። አካፋዩ ሲያንስ ክፍያው ይጨምራል፤ ለዚህ ነው ከላይ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች የሰጠሁት።

6000 ሴንቲ ሜትር ኪዩብ ማለት ስድስት ሊትር ነው። እንግዲህ በስድስት ሊትር ቦታ ውስጥ ከአንድ ኪሎ በላይ የሚመዝን ዕቃ በሚዛኑ ክብደት ይከፈልበታል፤ ከዚያ በታች የሚመዝነው በይዘቱ ይከፈልበታል። ማር ቢልኩ ኖሮ ፎቶም ማስመሪያም ባላስፈለገዎት ነበር፤ አንድ ሊትር ማር ብቻውን ወደ 1.4 ኪሎ ስለሚመዝን ዋጋውን የሚወስነው ሚዛኑ ይሆናል። መሶብ ግን ከአክርማና ከሰንደዶ የተሠራ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ዕቃ ነው፤ ከካርቶኑ ውስጥ አብዛኛውን ቦታ የያዘው አየር ነው። በዚህ ዓይነት ጭነት ላይ የ6 ኪሎው ሚዛን በዋጋው ላይ ምንም ለውጥ አያመጣም። ዋጋው ሙሉ በሙሉ በሦስቱ ልኬቶች ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ስለዚህም ፎቶውን በትክክል ማንበብ የግድ ይሆናል።

አሁን ወደ ፎቶው እንሂድ። አንድ ነገር በፎቶ ላይ የሚኖረው መጠን ከካሜራው ባለው ርቀት ይወሰናል፤ ርቀቱ ሲጨምር መጠኑ በዚያው ልክ ያንሳል። ማስመሪያ መለኪያ ሊሆን የሚችለው ከሚለካው ገጽ ጋር በእኩል ርቀት ላይ ሲሆን ብቻ ነው። አክስትዎ ማስመሪያዋን ያስቀመጧት ከካርቶኑ ፊት፣ በዓይን ሲታይ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ካሜራው ቀረብ አድርገው ነው። ስልኩ ከካርቶኑ አንድ ሜትር ተኩል ርቆ ነበር ብንል ማስመሪያዋ ከስልኩ የራቀችው አንድ ሜትር ከሠላሳ ብቻ ነው። ስለዚህ ማስመሪያዋ ከካርቶኑ አንጻር በ15 በመቶ ገዝፋ ትታያለች፤ በእርሷ የተለካው ካርቶን ደግሞ ከእውነተኛው መጠኑ ያነሰ ሆኖ ይወጣል።

15 በመቶ ትንሽ ቢመስልም ስሕተቱ በሦስቱም አቅጣጫ በአንድ ላይ ስለሚገባ በይዘት ላይ ሦስት ጊዜ ይባዛል፤ 1.15 በራሱ ሦስት ጊዜ ሲባዛ 1.5 ያልፋል። ይህ ማለት እውነተኛው ይዘት እርስዎ ካገኙት አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። በፎቶ የተገመቱ ካርቶኖች መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ሲደርሱ «ያኔ ያላችሁኝ ሌላ፣ አሁን የምትሉኝ ሌላ» የሚል ጭቅጭቅ የሚነሣው በአብዛኛው ከዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ስልኩ አንድ ሜትር ተኩል ርቆ ነበር ማለት ግምት ነው፤ ማስመሪያዋም በትክክል አንድ ስንዝር ፈቀቅ ማለቷን አላውቅም። በግምት ላይ ግምት ከመደረብ ይልቅ በካርቶኑ ገጽ ላይ ራሱ የተለጠፈ፣ መጠኑ የሚታወቅ ነገር መፈለግ ይሻላል። በዚህ ፎቶ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አለ፤ ከላይ እስከ ታች በመሐል የወረደው ቡናማ የካርቶን ፕላስተር ነው። ፕላስተሩ ከገጹ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ርቀቱ ከገጹ ርቀት ጋር አንድ ነው፤ ስለዚህ ከማስመሪያዋ ይልቅ እርሱ እውነተኛ መለኪያ ይሆናል።

ፎቶውን በኮምፒውተር ላይ በማንኛውም የሥዕል መክፈቻ ፕሮግራም ከፍተው ጠቋሚውን በአንድ ነጥብ ላይ ሲያደርጉ የነጥቡ አቀማመጥ በፒክሰል ይነበባል፤ በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን ልዩነት መውሰድ ብቻ ነው። እኔ ያገኘሁት እንዲህ ነው። ማስመሪያዋ ከ0 ምልክት እስከ 30 ምልክት 450 ፒክሰል ናት፤ ይህም በሴንቲ ሜትር 15 ፒክሰል ይሆናል። የካርቶኑ ፊት ወርዱ 660፣ ቁመቱ በአማካይ 805 ፒክሰል ነው። እነዚህን ለ15 ስናካፍላቸው 44 እና 53.7 ይወጣሉ፤ ይህ የእርስዎ ልኬት ነውና ፎቶውን ያነበቡት በጥንቃቄ መሆኑን ያሳያል። ፕላስተሩ ደግሞ 62 ፒክሰል ስፋት አለው። በማስመሪያዋ ብንለካው 4.1 ሴንቲ ሜትር ሊሆን ነው፤ ነገር ግን በብዛት የሚሸጠው የካርቶን ፕላስተር ስፋቱ 4.8 ሴንቲ ሜትር ነው። ፕላስተሩ ጠቦ የታየው ካርቶኑ በጠበበበት ልክ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ 62ን ለ4.8 ስናካፍል በካርቶኑ ገጽ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር 12.9 ፒክሰል መሆኑን እናገኛለን። በዚህ መሠረት ወርዱ 51፣ ቁመቱ 62 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። መሠረቱ እኩል ከሆነ 51 በ51 በ62 ሲባዛ 161,262 ሴንቲ ሜትር ኪዩብ ነው። ለ6000 ሲካፈል 26.88 ስለሚሆን ወደ 27 ይጠጋል፤ ለ5000 ሲካፈል ደግሞ 32.25 ይሆንና ወደ 32.5 ይጠጋል። በእርስዎ ልኬት 44 በ44 በ54 ሲባዛ 104,544 ነበር የሚሆነው፤ ይህም ለ6000 ሲካፈል 17.42 ነው። የሁለቱ መለኪያዎች ንጽጽር፣ ማለትም 15 ለ12.9፣ 1.16 ሆኖ ይወጣል፤ ቀደም ሲል በርቀቱ ካሰላሁት 1.15 ጋር መቀራረቡ ማስመሪያዋ በእርግጥም አንድ ስንዝር ያህል ወደፊት መውጣቷን ያረጋግጥልኛል።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ ወደ ሞጣ ደውለው እንዲያጣሩልኝ እፈልጋለሁ። ፕላስተር ሁሉ 4.8 አይደለም፤ 4.5 የሆነም ይገኛል። 4.5 ከሆነ ካርቶኑ 48 በ48 በ58 ይሆንና የሚከፈልበት ክብደት ወደ 22.5 ኪሎ ይወርዳል። ጥቅሉ አክስትዎ ዘንድ ስለሚኖር ማስመሪያዋን በጥቅሉ ስፋት ላይ አጋድመው ቁጥሩን ቢነግሩዎት በቂ ነው። ሦስት ሚሊ ሜትር አራት ኪሎ ተኩል እንደሚያንቀሳቅስ ሲያዩ በጠባብ ነገር ላይ ተመሥርቶ ትልቅ ነገር መለካት ምን ያህል አስጊ እንደሆነ ይገባዎታል። የፕላስተሩን ጠርዝ በማንበብ ረገድ እኔም በአንድ ፒክሰል ወደዚህ ወይም ወደዚያ ልስት እችላለሁ፤ ያ አንድ ፒክሰል ወርዱን ከ50 እስከ 52፣ ቁመቱን ከ61 እስከ 63 ያወዛውዘዋል። በትንሹ ከሄድን 25.5፣ በትልቁ ከሄድን 28.5 ኪሎ ይሆናል። መጀመሪያ ላይ የሰጠሁዎት 28.5 ከዚህ የተገኘ ነው። ደንበኛን ከፍ ባለው ቁጥር አስልቶ በኋላ መመለስ፣ ዝቅ ባለው አስልቶ በኋላ ጨምሪ ከማለት ይቀላል።

ካሜራው ወደ ጎን ዘምሞ እንደሆነም አይቻለሁ። የካርቶኑ የግራ ጠርዝ 807፣ የቀኙ 803 ፒክሰል ነው፤ የላይኛውና የታችኛው ወርድም ከአንድ ሁለት ፒክሰል በላይ አይለያዩም። ይህ አክስትዎ ካርቶኑን ፊት ለፊት ቆመው፣ ስልኩንም ቀጥ አድርገው ማንሣታቸውን ያሳያል፤ ብዙ ሰው ይህን አያደርግም። አንዱ ጠርዝ ከሌላው በ5 በመቶ ቢያንስ ኖሮ ካርቶኑ በሰያፍ ተነሥቷልና ወርዱ ተጨፍልቆ ይታይ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ፎቶ ማረም ስለሚያስቸግር እንደገና ይነሣልኝ ነበር የምለው። ልዩነቱ እስከ 2 በመቶ ሲሆን ግን የሁለቱን ጠርዝ አማካይ መውሰድ ይበቃል።

ሦስተኛው ልኬት፣ ማለትም ወደ ውስጥ የሚሄደው ርዝመት፣ ከዚህ ፎቶ አይገኝም። በላይ በኩል ትንሽ የምትታየዋን የካርቶኑን ክዳን በማስመሪያዋ ለክተው ርዝመት ነው ብለው እንዳይወስዱት አደራ እላለሁ፤ ከካሜራው የሚሸሽ ገጽ ሁልጊዜ አጥሮ ነው የሚታየው፣ ምን ያህል እንዳጠረም ከፎቶው ብቻ በአስተማማኝ ሁኔታ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ አክስትዎ እኩል ነው ያሉትን ተቀብያለሁ። መሶብ ክብ ስለሆነ መሠረቱ እኩል የሆነ ካርቶን መመረጡ አሳማኝ ነው፤ ሆኖም በዓይን እኩል የመሰለ ካርቶን በሦስት ሴንቲ ሜትር ሊለያይ ይችላል። 51 በ54 በ62 ቢሆን እንኳ 28.46፣ ማለትም 28.5 ስለሚሆን ከያዝነው ልክ አያልፍም።

እስካሁን የተናገርኩት ባለው ፎቶ ምን ማድረግ እንደሚቻል ነው። ካርቶኑ ገና ሞጣ ከሆነ አክስትዎ ሌላ ፎቶ ቢያነሡልዎ ይህ ሁሉ ማስተካከያ ይቀራል። ማስመሪያዋን ከመሬት አንሥተው በሚለካው ገጽ ላይ ራሱ በፕላስተር ይለጥፏት፤ ከገጹ ጋር ተጣብቃ ትቁም እንጂ ተደግፋ አትዝመም። ከፎቶ ኮፒ ቤት የሚገኝ አንድ የኤ4 ወረቀት ቢለጥፉ ደግሞ ከማስመሪያዋ ይሻላል፤ መጠኑ ሁልጊዜ 21 በ29.7 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ በወርድም በቁመትም መለኪያ ይሰጣል፣ አራት ጥግ ስላለውም ካሜራው መዝመም አለመዝመሙን ያሳብቃል። ከዚያ ሦስት ሜትር ያህል ርቀው፣ ስልኩን በካርቶኑ ወገብ ትክክል ዝቅ አድርገው ይዘው፣ ሁለት እጥፍ አቅርበው ያንሡት። ርቀው መቆማቸው የሚጠቅመው መለኪያው በጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደፊት ወጥቶ ቢገኝ እንኳ የሚያስከትለው ስሕተት አነስተኛ እንዲሆን ነው፤ ያቺው የአንድ ስንዝር ፈቀቅታ ከሦስት ሜትር ሲታይ ከ15 ወደ 7 በመቶ ትወርዳለች። በአንጻሩ ቀርበው በሰፊው ሌንስ፣ ስልኩ ላይ 0.5 ተብሎ በተጻፈው፣ ካነሡት ጠርዞቹ ይለጠጣሉና ፎቶው ለልኬት አይሆንም።

እንዲህ ዓይነት ፎቶ ሁለት ያስፈልጋል። አንዱ የፊቱን ገጽ፣ ሌላው የጎኑን ገጽ የሚያሳይ ሆኖ ወረቀቱ በሁለቱም ላይ መለጠፍ አለበት። የመጀመሪያው ወርድና ቁመት፣ ሁለተኛው ርዝመትና ቁመት ስለሚሰጥ ቁመቱ ሁለት ጊዜ ይለካል። ከሁሉ በላይ የምተማመንበት ማረጋገጫ ይህ ነው፦ ሁለቱ ቁመቶች በአንድ ሴንቲ ሜትር ልዩነት ውስጥ ከተገናኙ ፎቶዎቹ ይታመናሉ፤ አንደኛው 62 ሌላው 58 ከሆነ ግን በአንዱ ፎቶ ላይ መለኪያው ከገጹ ርቋል ወይም ካሜራው ዘሟል፤ የትኛው እንደሆነም የሚነግረን የጠርዞቹ እኩልነት ነው። ካርቶኑን አዙረው ማንሣቱ ይሻላል፤ ከጥግ ቆሞ ሁለቱን ገጽ በአንድ ፎቶ ማንሣት የሚያምር ፎቶ ቢሰጥም ሁለቱንም ገጾች ይጨፈልቃቸዋል።

ፎቶውን ሲልኩም እንደ ተራ ፎቶ ሳይሆን በፋይል መልክ ይላኩት። ቴሌግራም ተራውን ፎቶ አሳንሶ ስለሚያስተላልፍ የማስመሪያዋ ሰረዞች እርስ በርስ ይዋሐዳሉ፤ በዚህኛው ፎቶ ላይ እንኳ ከ0 እና ከ30 ምልክቶች በቀር ሌላውን መለየት አልቻልኩም። ስለ ማስመሪያዋ ካነሣሁ አይቀር፣ የተማሪ ማስመሪያ ከ0 በፊትና ከ30 በኋላ ባዶ ጫፍ አላት፤ ፕላስቲኩ በሙሉ 31 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ለክቶ 30 ነው ማለት እያንዳንዱን ልኬት በ3 በመቶ፣ ይዘቱን ደግሞ በ9 በመቶ ገደማ ያሳንሰዋል። እርስዎ ምልክቶቹን ስለ ተከተሉ ይህ አላጋጠመዎትም፤ ሆኖም ማስመሪያዋ በፀሐይ ሲያብረቀርቅ ምልክቶቹ ስለሚጠፉ ሰው ሳያስበው ጫፉን ይይዛል።

እርግጥ ነው፣ አክስትዎ ዘንድ የልብስ ሰፊ ሜትር ካለ ፎቶውን ትተው ሦስቱን ጎን ለክተው ቢነግሩዎት ከሁሉም ይበልጣል። ያኔም ቢሆን ሜትሩ በጎኑ ላይ ተዘርግቶ ቁጥሩ የሚነበብበትን ፎቶ ቢያስቀሩ መልካም ነው፤ በኋላ መቀበያው ላይ የተለየ ቁጥር ሲመጣ የሚያሳዩት ይኖርዎታል።

መቀበያው ላይ የሚለካው የካርቶኑ ጠርዝ ብቻ እንዳይመስልዎት። የሚወሰደው ከዳር እስከ ዳር ጎልቶ የወጣው ነጥብ ነው፤ ሆዱ የተነፋ ካርቶን በሆዱ ይለካል፣ ክብ ወይም ቅርጹ ያልተስተካከለ ዕቃም ሊይዘው በሚችል ሳጥን ልክ ይታሰባል። በፎቶ ላይ ግን ዓይናችን የሚይዘው ጥጎቹን ነው፤ መሐሉ አንድ ሴንቲ ሜትር ቢያብጥ አይታይም። አንድ አንድ ሴንቲ ሜትር በሦስቱም በኩል ቢጨመር 52 በ52 በ63 ይሆንና 28.5 ኪሎ ይደርሳል። ከሞጣ በቢቸና አድርጎ፣ ደጀን ላይ ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ እስኪደርስ ድረስ ካርቶኑ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ከሌላ ዕቃ ሥር የሚጫን ከሆነ ከላይ ተጭኖ ከጎን መነፋቱ የተለመደ ነው። መሶቡ ራሱ ጠንካራ ቢሆንም በአራቱ ጥግ ያለው ባዶ ቦታ በወረቀት ወይም በጨርቅ ካልተሞላ ካርቶኑ ቅርጹን አይጠብቅም። ለአውቶቡሱ የሚከፈለው በዓይን ታይቶ በድርድር ስለሆነ ይህ ስሌት አይነካውም፤ የሚነካው አዲስ አበባ ያለው ልኬት ነው።

ስለ ማጠጋጋትም ባጭሩ ልጥቀስ። በካርጎ አሠራር ክብደቱ ሁልጊዜ ወደ ላይ፣ ወደሚቀጥለው ግማሽ ኪሎ ይጠጋል። ጎኖቹ ደግሞ በአንዳንዱ አጓጓዥ ወደ ቅርቡ ሙሉ ሴንቲ ሜትር፣ በሌላው ሁልጊዜ ወደ ላይ ይጠጋሉ። ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቅዎ በፊት አስተላላፊውን ሁለት ነገር ይጠይቁት፦ አካፋዩ 6000 ነው ወይስ 5000፣ የጎኖቹን ክፍልፋይስ እንዴት ያጠጋጋል። የኪሎ ዋጋው ርካሽ መስሎ አካፋዩ 5000 የሆነ አስተላላፊ ለመሶብ ዓይነቱ ዕቃ ውድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 20 በመቶ ነውና።

ወደዚያው አገር የሚበር ዘመድ ተገኝቶ በሻንጣ መልክ ይውሰደው ቢባል ደግሞ ስሌቱ ሌላ ነው። እዚያ ይዘት አይሰላም፤ የሦስቱ ጎኖች ድምር ነው የሚታየው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለአንድ ተመዝጋቢ ሻንጣ የሚፈቅደው ድምር 158 ሴንቲ ሜትር ነው። በእርስዎ ልኬት ድምሩ 142 ስለሆነ ያልፋል ብለው ዘመድዎን ይልኩት ነበር፤ በታረመው ልኬት ግን 51፣ 51 እና 62 ሲደመሩ 164 ይሆናሉ፤ ይህም ከተፈቀደው በላይ ነው።

ካርቶኑ ገና ከሞጣ ካልወጣ አክስትዎን አንድ ነገር ቢጠይቋቸው እመክራለሁ። የመሶቡ ክዳን እንደ ተከደነ ከታሸገ ከቁመቱ ብዙውን የያዘው ሾጣጣው ክዳን ነው። ክዳኑ ተገልብጦ ወደ መሶቡ ሆድ የሚገባ ከሆነና ስፌቱ የማይጎዳ ከሆነ ካርቶኑን ማሳጠር ይቻላል፤ ይህን የሚያውቁት ሠሪዋ እርሳቸው ናቸው። ቁመቱ 45 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢቆረጥ ይዘቱ 117,045 ይሆናል፤ ለ6000 ሲካፈል 19.51 ነውና 20 ኪሎ ይከፈልበታል፣ የጎኖቹ ድምርም 147 ሆኖ ለሻንጣ ይበቃል። በዚያች 0.01 የተነሣ ግማሽ ኪሎ እንዳይከፍሉ ቁመቱን 44 አድርገው ቢቆርጡት 19.07 ስለሚሆን 19.5 ላይ ይቆማል።